የማይጎድለው የጨው በርሜል

ቤቴ ሳሎን ውስጥ አንድ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። መስታወት ገብቶለታል፣ ማህተሙም ክብ ብሎ አርፎበታል። «ጨውና ውሃ በመቆጠብ አርአያ ለሆኑት ለአቶ ጥበቡ» ይላል። እንግዳ ሲመጣ እኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ፣ ባለቤቴ መልሳ ታቃናዋለች። ለምን እንደማዞረው ጠይቃኝ አታውቅም፤ ባሌ ትሁት ነው ብላ ለጎረቤት ታወራለች አሉ።

ትህትና አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

የጥገና ሰራተኛ ነኝ። የምሰራበትን ሆስፒታል ስሙን አልጠራውም፤ ከጋይንት ወደ ስማዳ መሄጃ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። የምንጠጣውም የምናጥብበትም ከራሳችን ጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። ሲያዩት ጥሩ ውሃ ነው፣ ጠላ ቢጠምቁበትም አያሳፍር። ግን ኖራ ሞልቶበታል። ብረት ድስት ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢያፈሉት ከታች ነጭ ቅርፊት ይሰራል። ቅርፊቱ ድስት ላይ ቢሆን ተፍቆ ያልቃል፤ የቀዶ ጥገና መሳሪያ በእንፋሎት የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ ላይ ሲሆን ግን ማሞቂያውን አፍኖ ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንድ ፕሮጀክት የውሃ ማለስለሻ ሰጠን። እኛ ሶፍትነር እንለዋለን። አንድ ረጅም ሲሊንደር ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሬዚን የሚባል የማሽላ ፍሬ የሚያህል ደቃቅ ቢጫ ፍሬ አለ። ውሃው በዚያ ሲያልፍ ፍሬዎቹ ኖራውን ይይዙታል። በቃኝ ሲሉ፣ ከጎን ካለው በርሜል የጨው ውሃ ተስቦ ይታጠቡና ኖራውን ወደ ፍሳሽ ይለቃሉ፣ እንደገናም ይሰራሉ። ይህን እጥበት ማሽኑ በየሦስት ቀኑ በራሱ ሰዓት ይሰራዋል። የሰው ስራ በርሜሉ ውስጥ ጨው መጨመር ብቻ ነው። ተካዮቹ በአንድ ቀን ተክለው፣ ምሳ በልተው፣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አስታቅፈውኝ ሄዱ።

የካቲት ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ሲመለስ የማሽኑ ሰዓት ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ የእጄን ሰዓት አየሁና ሞላሁት። ጠዋት አራት ሰዓት ነበር፣ አራት አልኩት። እንዲያውም ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ማሽኑ በየሦስት ቀኑ ልክ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መታጠብ ያዘ። ሁለት ሰዓት ማለት ሰራተኛው ሁሉ የሚገባበት፣ የኔነሽም አውቶክሌቩን ለቀኑ የመጀመሪያ ዙር የምትሞላበት ሰዓት ነው። ማሽኑ ሲታጠብ ያልለሰለሰ ውሃ እንዳለ ወደ ቧንቧው ያሳልፋል። ፍሳሹ ደግሞ በውጭ በኩል እየተንፏፏ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ይህን ሁሉ እያየሁ መጽሐፉ «ሁለት ሰዓት» ነው የሚለው፣ ይታጠብ እንጂ እላለሁ።

የኔነሽ ማለት መሳሪያ የምትቀቅልልን ሴት ናት። አስራ አንድ ዓመት እዚያ ክፍል ሰርታለች። ባሏ ትቷት ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ደመወዟ ነው ሁለቱንም ትምህርት ቤት የሚያውላቸው። ሰኔ ሳይገባ ጀምራ ትነግረኝ ነበር። ሳሙናው አረፋ አልሰራም፣ ፎጣው ደርቆ ቆዳ ሆነ፣ የወጥ ቤቶቹም ባቄላ አልበስል አለ ትለኛለች። እኔም እጇን ይዤ ወስጄ የበርሜሉን ክዳን አነሳሁላት። ጨው እስከ አፉ! ይህ ሁሉ ጨው እያለ ውሃው እንዴት ይጠጥራል፣ ሳሙናው ነው የተበላሸው፣ የዛሬ ሳሙና ምን ሳሙና ነው ብዬ አሰናበትኳት። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል ይባላል። የኛ ገደል ጭራሽ አልተናደም፣ እኔም በዚያ ተደሰትኩ።

እውነቱን ለመናገር ጨው አለመጉደሉ ለኔ ደግ ነገር ነበር። መጋቢት ላይ ድቡልቡሉ የማሽን ጨው አልቆ ግዥ ክፍል ከገበያ ደቃቅ የወጥ ጨው ገዝቶ ሰጠኝ፣ አንድ ኩንታል ሙሉ ገለበጥኩበት። ከዚያ ወዲያ ሚያዝያም ሙሉ፣ ግንቦትም ሙሉ። በወር ሪፖርቴ ላይ «የጨው ፍጆታ፦ የለም» እያልኩ እጽፋለሁ። የአስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ደምሌ ይህችን መስመር ሲያይ ዓይኑ በራ። አቶ ደምሌ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው፤ በተለይ እንዲህ ያለውን ቁጥር። ወደ ላይ ሲያስተላልፈው «የጨው ፍጆታን መቶ በመቶ መቀነስ ተችሏል» ሆኖ ሄደ።

ሰኔ ላይ ደግሞ አቶ ደምሌ ራሱ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲገባ፣ ፍሳሹ ወደ ቦዩ ሲንፏፏ አየ። ጠርቶ ጮኸብኝ። የህዝብ ውሃ እንዲህ ሜዳ ላይ ይፈሳል ወይ፣ አሁኑኑ አቁም አለኝ። ማሽኑ እየታጠበ ነው ብል ማን ይሰማኛል። ከማሽኑ ጀርባ ባይፓስ የሚባል እጀታ አለ። ወደ አንዱ በኩል ሲሆን ውሃው በማሽኑ ሆድ ያልፋል፤ ወደ ሌላው ሲዞር ማሽኑን ሳይነካ በጎን ያመልጣል። እኔም አዞርኩት። ፍሳሹ ቀጥ አለ። አቶ ደምሌም ደስ ብሎት ሄደ። ለጊዜው ነው፣ እሱ ቢሮው ሲገባ እመልሰዋለሁ አልኩ።

ለጊዜው የሚባል ነገር በኛ ዘንድ ዕድሜው ረጅም ነው። ሰኔ ሄደ፣ ሐምሌ ሄደ። እጀታውን ረሳሁት። በነሐሴ የምስክር ወረቀቱ ተሰጠኝ፣ በጭብጨባ።

በዚያው ነሐሴ የአውቶክሌቩ ማሞቂያ ተቃጠለ። ለውጠን ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ሁለተኛውም ተቃጠለ። መጋዘን ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቃጠለ ምጥ የጠናባት ሴት እስከ ደብረ ታቦር ልትጫን ነው። ያን ጊዜ አጥፊ ተፈለገ። ማሽን ሲበላሽ ሰው ካልተገኘለት ፋይሉ አይዘጋም። አጥፊዋም በቅርብ ተገኘች። የኔነሽ ውሃ ሳትሞላ ለኩሳው ነው ተባለ፣ ቸልተኝነት ተባለ። ህዳር መግቢያ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከስራ ታግዳ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደምሌ ነው። ከተፈረደባት ትባረራለች፣ ያውም በጥፋት የተባረረ ሰው ሌላ መስሪያ ቤት አይቀጥረውም። ስትወጣ አላለቀሰችም። ቁልፉን ለተተኪዋ ለምንይችል ሰጠችና በውሃ መለኪያው መስታወት ላይ ምልክቱን አሳየችው።

ቅዳሜ ዕለት ሦስተኛውን ማሞቂያ የምገጥመው እኔ ነኝ። የተቃጠለውን ስፈታው በእጄ ከበደኝ። ጣት የሚያህል ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በጠመንጃ መፍቻ ብነካው እንደ እንቁላል ሽፋን ተሰነጠቀ። ውሃ ሳይኖር የተቃጠለ ማሞቂያ እንዲህ አይለብስም፤ ይህ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ኖራ ያፈነው ነው።  ሳልገጥመው ተነስቼ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄድኩ።

እጀታው ባይፓስ ላይ ነው። የኔው «ለጊዜው» አምስት ወር ሙሉ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል።

መለስኩት። አለቀ፣ ደቀቀ ብዬ ነበር። ቧንቧውን ለቅቄ አሮጌውን ውሃ አስወጣሁና በላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ቀድቼ ሳሙና ጠብ አድርጌ ናጥኩት። የለሰለሰ ውሃ ከሆነ እንደ ወተት አረፋ ይሞላል። ይሄኛው አይብ የመሰለ ዝቃጭ ብቻ ሰራ። ያው ጠጣር ውሃ ነው። ማለት ባይፓስ ከመዞሩም በፊት ሬዚኑ ጠግቦ በቃኝ ብሎ ኖሯል።

እሺ፣ ይታጠብ አልኩና በእጅ አስጀመርኩት። ማሽኑ እያጓራ ዞረ። የጨው ውሃ የሚስብበት ሰዓት ላይ ወደ ፍሳሹ ወርጄ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ጨው አይልም። የምንጭ ውሃ በለው። አንድ ኩንታል ጨው ጎኑ ተቀምጦ ማሽኑ በባዶ ውሃ ይታጠባል!

የመጥረጊያ እንጨት ይዤ በርሜሉን ከፈትኩ። ጨው እስከ አፉ። እንጨቱን ብወጋበት ደረቅ መሬት እንደመታ መለሰልኝ። ደገምኩት፣ በሦስተኛው ክው አለና ተደረመሰ፤ እጄ እስከ ብብቴ ተከትሎ ገባ። ከላይ የስንዝር ውፍረት ያለው የጨው ጣሪያ ነው፣ ከስር ባዶ ጎተራ ነው። ደቃቁ ጨው እርጥበት ይዞት ተጋግሮ፣ ጎንና ጎኑን ይዞ እንደ ድልድይ ቆሟል። ውሃው ከታች ጨው ሳይነካ ይገባል፣ ሳይነካ ይወጣል። እኔ ግን በየወሩ ክዳኑን እያነሳሁ ጣሪያውን እያየሁ «ሙሉ» ስል ከረምኩ። ለዚያ ነው የተሸለምኩት።

ጣሪያውን ሰባብሬ ወደ ታች ሰደድኩት። እስኪሟሟ መጠበቅ ግድ ነው። እስከዚያው እዚያው ማሽኑ አጠገብ ሆኜ ደብረ ታቦር ላለችው ለህይወት ደወልኩላት፤ የህክምና መሳሪያ መሐንዲስ ናት፣ አንዳንዴ በስልክ ትረዳኛለች። ሁሉንም ነገርኳትና ይህ እጥበት ግን ለምን ጠዋት ጠዋት ሰው በሚሰራበት ሰዓት ሆነ፣ ይሄ የፈረንጅ ሞኝነት ነው ብዬ ተቆጣሁ።

«ጋሼ፣ የማሽኑ ሰዓት አሁን ስንት ይላል?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«እዚያስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ነዋ። ቀትር ነው፣ የእጄን ሰዓት እያየሁ ነው የሞላሁት።»

 ሳቋን ስትውጥ ተሰማኝ። «ጋሼ፣ ቀትር ላይ እሱ አስራ ሁለት ማለት ነበረበት። መጽሐፉ ሁለት ሰዓት የሚለው በፈረንጅ ነው። በኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ውሃ የሚከፍት በሌለበት።»

ስልኩን ዘግቼ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩን ወደ ኋላ ስፈታው አንድ ጫፍ ብቻ ነው ያለው። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ባልሞላ፣ ማሽኑ በሌሊት ይታጠባል፤ በሌሊት ቢታጠብ አቶ ደምሌ ፍሳሹን አያይም፤ ባያይ እጀታው አይዞርም። የጨው ጣሪያውም ቢሆን በወር አንዴ በእንጨት ብወጋው ኖሮ አይሰራም። የኔነሽ የነገረችኝን አምኜ ቢሆን ኖሮማ ሁሉም በሰኔ ያልቅ ነበር። ሁሉም የኔ ነው። የኔነሽ እጇ የለበትም።

ከሰዓት በኋላ አሳጠብኩት። ፍሳሹን ቀመስኩ፣ ምላሴን አቃጠለኝ። ሬዚኑ ብዙ ጊዜ ጠግቦ ስለኖረ አንድ እጥበት አልበቃውም። በርሜሉ ውሃ ይዞ እንዲያድር ትቼው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደገምኩት። ጠርሙሱን ስንጠው አረፋው እስከ አንገቱ ሞላ። ሰዓቱን በስድስት አሳልፌ አስተካከልኩ። ማሞቂያውንም ገጠምኩ። ሁሉ ነገር ሰላም ሆነ።

አሁን ቀጥሎ ያለውን ስናገር አፍራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ማሽኑ ከሰራ፣ ማሞቂያው ካልተቃጠለ፣ ነገሩ በራሱ ይበርዳል፣ የኔነሽም በዝምታ ትመለሳለች አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ። የምስክር ወረቀቱም አለ፣ የደረጃ እድገቴም ጥር ላይ ይታያል። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

ረቡዕ ገበያ ወጥቼ አገኘኋት። መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ስታየኝ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፣ ደህና ናቸው አለች። ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ጥበቡ፣ ማሞቂያው እንዴት ነው? የመጨረሻው እኮ ነው። ምንይችል ልጅ ነው፣ ውሃውን ሳያይ እንዳይለኩሰው አደራ ይንገሩልኝ።»

እነግረዋለሁ አልኩ። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዛኋት፣ የጠራችውን ከፈልኩና ሄድኩ። ሽንኩርቱን ቤት ሳደርስ ባለቤቴ ሽንኩርት ሞልቶ ሳለ ምን ልትሰራበት ነው አለችኝ።

ኮሚቴው የተቀመጠው እሷ በታገደች በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። እኔ የተጠራሁት እንደ ባለሙያ አስተያየት እንድሰጥ ነው። የኔነሽ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ። አቶ ደምሌ ፋይሉን ገልጦ በደስታ ነው ያነበበው። ተከሳሿ ከታገደችበት ዕለት ጀምሮ ማሞቂያው አልተቃጠለም። ሳሙናው አረፋ መስራት ጀምሯል። ወጥ ቤት ባቄላው በጊዜው ይበስላል። ስለዚህ ችግሩ ተከሳሿ እንደነበረች በተግባር ተረጋግጧል፤ ምንይችልም ለአርአያ ሰራተኛነት ይታጭ አለ።

ባቄላው ሳይቀር! ባቄላውን የቀቀልነው እኔና ሶፍትነሩ፣ የተቀጣችው እሷ። በዝምታ የጠገንኩት ማሽን ምስክር ሆኖ ቆሞባት ኖሯል። ዝምታዬ ነቅዞ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልገለጥኩት።

አባላቱ እጅ ሊያወጡ ነው። ተነሳሁ።

«ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት፤ ሰዓቱን፣ እጀታውን፣ የጨው ጣሪያውን፣ ቅዳሜንም። የተቃጠለውን ማሞቂያ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤው ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ቅርፊቱ በፋይሉ ላይ ተራገፈ። አቶ ደምሌ በእስኪርቢቶው ጫፍ ነካ አደረገው። ብዙ አሰበ። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ የኔነሽ አልነበረም። የጨው ቁጠባው ሪፖርት ወደ ላይ ሄዷል፣ አሁን ጨው መጠቀም ጀምረናል ማለት ነው ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ። አዎ፣ ማሽኑ ሲሰራ ጨው ይበላል አልኩ። ፊቱ ጠቆረ።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። የኔነሽ ወደ ስራዋ ትመለስ፤ ሆኖም ፋይል ተከፍቶ ያለ ቅጣት ስለማይዘጋ «ወደፊት እንድትጠነቀቅ» የቃል ማስጠንቀቂያ ይሰጣት። እኔን በተመለከተ፣ የተሰጠ የምስክር ወረቀት የሚሰረዝበት መመሪያ ባለመኖሩ አርአያነቴ ባለበት ይቀጥል። ቅጡኝ ብዬ ለመንኩ፤ አጀንዳ አልተያዘለትም ተባልኩ።

በማግስቱ ስራ ገባች፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን። ማሽኑ ክፍል መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ከሌሊት ጀምሮ ቃል ስደረድር ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ። እሷ የመጥረጊያውን እንጨት አነሳችና የበርሜሉን ክዳን ከፈተች።

«ቅዳሜ ነው ያወቁት፣ ጋሽ ጥበቡ?» አለችኝ፣ ጨውን እያየች።

«ቅዳሜ።»

«ገበያ ያገኙኝ ረቡዕ ነው።»

ጎንበስ ብዬ መሬት የወደቀ ጨው መልቀም ያዝኩ።

«ገርሞኝ ነበር» አለች። «ሁለት ኪሎ ሙሉ፣ ዋጋ እንኳ ሳይከራከሩ።»

 እንጨቱን በሁለት እጇ ይዛ ጨውን ወጋችው፣ እስከ በርሜሉ ወለል ወረደላት። ክዳኑን ከደነችና ወደ አውቶክሌቧ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ትመጣለች፣ ትወጋዋለች፣ ትሄዳለች። እኔም ጎኗ ቆሜ አያለሁ።